ስድስት በር፣ ስድስት ውል

ስለ ሕንፃው ስለጠየቃችሁን ከወረቀቱ እንጀምራለን።

አራት ሆነን ያጠራቀምነውን ይዘን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ተከራዮች ያሉበትን ባለ ስድስት ቤት አፓርታማ ልንገዛ ስንሄድ ሻጩ አንድ ገጽ ሰጠን። ሬንት ሮል ይሉታል፤ የተከራዮች ስምና የወር ኪራይ የሚጻፍበት ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ቤት 1,500፣ በድምሩ በወር 9,000 ዶላር ይላል። የጠየቀንም ዋጋ በዚሁ ቁጥር ላይ የተሰላ ነበር።

ዝርዝሩን የጻፈው ግን ሻጩ ራሱ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውሎቹንና የ12 ወር የባንክ ስቴትመንቱን አይተን ካልጣመን ቀብዳችን እንዲመለስ በግዢው ውል አስገባን። ባለቤት ሲቀየር የተከራይ ውል አይፈርስም፤ ሻጩ የገባው ቃል ወደ እኛ ይዞራል።

አንድ ማታ ሁሉንም ምንጣፍ ላይ ዘረጋናቸው። በቁጥር 4 ውል ጀርባ በስቴፕለር የተያያዘች ወረቀት አለች፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ አይከፈልም ትላለች። የቁጥር 6 ተከራይ በረዶ ይጠርጋል፣ ቆሻሻ ያወጣል፤ ለዚህ 400 ይቀነስለትና ባንክ የሚገባው 1,100 ነው። ይህን እንደ ማታለል አላየነውም፤ ሌላ ሰው ብንቀጥርም እንከፍላለን። የከፋው ቁጥር 2 ነው፤ ለሦስት ወር ባንክ የገባ ነገር የለም። ሬንት ሮል መከፈል ያለበትን ይጽፋል እንጂ የተከፈለውን አይጽፍም።

ስንደምረው፣ ቁጥር 2 ካልከፈለች፣ በዓመት 108,000 የተባለው 83,700 ሆነ። ሻጩ «ኪራዩን ትጨምራላችሁ» አለን። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ የዓመት ጭማሪውን ከ6 በመቶ በላይ አያስኬድም።

ቀጥለን ኢስቶፔል የሚባለውን ደብዳቤ ጠየቅን። ተከራዩ ራሱ ስንት እንደሚከፍል፣ ስንት እንዳስያዘ፣ ምን ቃል እንደተገባለት ጽፎ የሚፈርምበት ነው። ጠበቃችን ባትነግረን ኖሮ አናውቀውም ነበር። የቁጥር 3 ተከራይ ከ1,500 ማስያዣው ሌላ የመጨረሻ ወሩን ኪራይ አስቀድማ ከፍላ ነበር፤ በሻጩ ወረቀት ላይ አልነበረም። ከሕንፃው ስትወጣ ኪራዩን የምናጣው እኛ ነን። ስለዚህ የስድስቱ ቤት ማስያዣ 9,000 እና ይህ 1,500 በርክክቡ ቀን ከምንከፍለው እንዲቀነስልን አደረግን።

ሻጩ ዋጋውን ቀነሰ፤ የፈለግነውን ያህል ግን አይደለም። ቁጥር 2ን እንደ ባዶ ቤት ቆጥረን ስናሰላ የባንክ ብድራችን ስለሚሸፈን ፈረምን። ሴትዮዋ ሥራ አግኝታ ካለፈው ወር ጀምሮ መክፈል ጀምራለች። የኋላውን ዕዳ እስካሁን አልጠየቅናትም፤ እዚህ ላይ አራታችንም ገና አልተስማማንም።