ሰኞ ነው ማክሰኞ?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ ነን እንበል። ጆሯቸው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የከበደ እናት ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ቡናው ይቆላል፣ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ኳስ ይመታሉ፣ ቀላል ባቡሩም ከውጭ እየተንጋጋ ያልፋል። ልጃቸው መስኮቱን ተደግፎ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ፣ «እማዬ፣ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው» ይላል። እናት «እሺ ልጄ» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በማግስቱ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ናቸው።

ልጁ በትክክል ተናግሯል፤ እናትም አልዘነጉም። «ማክ» የምትለው ድምፅ ባቡሩና ቴሌቪዥኑ መሃል ጠፍታ፣ እናት ዘንድ የደረሰው «ሰኞ» ብቻ ነው።

በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። «አ»ና «ኦ»ን የመሰሉት ወፍራም ድምፆች ይሰማሉ፤ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ»፣ «ት»፣ «ክ» ግን ቀስ በቀስ ይደበዝዛሉ። ጆሯቸው የከበደ ሰዎች «ድምፅ ይሰማኛል፣ የምትሉት ግን አይገባኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። መጮህም ብዙ አይረዳም። ስንጮህ የሚጎላው ያው ድሮም የሚሰማው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ በዚያ ላይ አፋችን ይዛባል፣ ፊታችንም የተቆጣ ይመስላል። የደከመ ጆሮ ደግሞ ትንሹን ድምፅ ሳይሰማ ትልቁ ሊያመው ይችላል። «አልሰማሁም፣ ጮክ በሉ» ብለው ወዲያው «አትጩሁብኝ!» ሲሉ ግራ የሚያጋባን ይኸው ነው።

እንግዲህ ያችኑ እሑድ እንደገና እንጀምራት። ልጁ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። (የሬዲዮ ሰው ሆኜ ይህን ማለት ቢከብደኝም፣ ሬዲዮውንም ይዝጋው።) ድምፁን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ከበስተኋላ የሚያወራ ሌላ ሰው እስካለ ድረስ የደከመ ጆሮ ሁለቱን መለየት ይቸግረዋል። የኮሪደሩን በርና መስኮቱንም ይዘጋል፤ ባቡሩ እስኪያልፍ ዝም ቢል ደግሞ የሚቀርበት ነገር የለም። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ሳሎን ድምፅ ያስተጋባል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ለንግግር ይሻላል።

ቀጥሎ ቦታውን ይለውጣል። መስኮቱን ተደግፎ ሲቆም ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚመጣ ፊቱ ለእናቱ ጥላ ነበር። አሁን ብርሃኑ የእሱ ፊት ላይ እንዲያርፍ ዞሮ፣ አንድ ሜትር ያህል ቀርቦ፣ ከዓይናቸው እኩል ይቀመጣል። አንደኛው ጆሯቸው የሚሻል ከሆነ ወደዚያው በኩል ያደላል፤ ፊቱ ግን መታየት አለበት። «እማዬ» ብሎ ይጠራና እስኪያዩት ይጠብቃል። ጀርባቸውን ከሰጡት ትከሻቸውን ነካ ያደርጋል። ጉርሻ አፉ ውስጥ ካለ ይዋጥ፤ እጁንም ከአፉ ላይ ያንሳ።

ይህ ሁሉ ለምን? «ማክሰኞ» ሲባል «ማ» ላይ ከንፈር ይገጥማል፤ «ሰኞ» ላይ አይገጥምም። ጆሮ የሳተውን «ማ» ዓይን ይይዘዋል፤ ፊት በብርሃን ካልታየ ግን ይህ ዕድል የለም። ይሁንና ዓይንም ወሰን አለው። «ማ» እና «ባ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «በራ»ን ከ«መራ» በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። «ክ»ና «ግ»ን የመሰሉት ደግሞ ወደ ጉሮሮ ስለሚጠጉ ጭራሽ አይታዩም።

ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ ስለ ምን እንደሚያወራ ይናገር፦ «እማዬ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ነው።» ጉዳዩን ካወቁ የጎደለውን ራሳቸው ይሞላሉ። ከዚያ በተለመደ ድምፁ፣ ትንሽ ረጋ ብሎ፣ ቃላቱን ሳይቆራርጥ ይናገር። ካልገባቸው አንድ ጊዜ ይድገም፤ ሁለተኛው ላይ ግን ቃሉን ይቀይር። «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» ማለት ያንኑ ያልተሰማ ድምፅ መልሶ መወርወር ነው። «ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ» ቢል ግን መንገዱ ሌላ ነው። «ተይው፣ ምንም አይደል» የሚለውን ደግሞ እርም ይበል፤ ሰውን ከጨዋታ የሚያስወጣ እንደዚህ ያለ ቃል አላውቅም። ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ በትልቁ ቢጻፍም ነውር የለውም።

እስካሁን ያወራሁት በዕድሜ ቀስ በቀስ ስለሚደክም ጆሮ ነው። መስማት በአንድ ጊዜ፣ በተለይ በአንድ ጆሮ፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው ሲዘገይ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል።

ወደ እናትና ልጁ ስንመለስ፣ የቀረችው ማረጋገጫዋ ናት። «ሰማሽኝ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ያልሰማም ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። ልጁ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ከእናቱ አፍ ይስማ። «ማክሰኞ!» ይላሉ፣ «ደንቆሮ አደረግኸኝ እንዴ? ይልቅ ያን በር ክፈተው፤ የቡናው ጢስ አፈነኝ!»