ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ምን ያህል ዋስትና ይሰጣል?

ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት በኦዲት የተመረመረ የሂሳብ መግለጫ ይጠይቃሉ። «ነቀፌታ የሌለበት» የሚል አስተያየት ሲያዩ ብዙዎች እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ነው ብለው ይደመድማሉ። አስተያየቱ ግን እንዲህ አይልም፤ የሚለው መግለጫው «በሁሉም ጉልህ ረገዶች» የድርጅቱን የፋይናንስ ሁኔታ በትክክል እንደሚያሳይ ነው።

«ጉልህ» የሚለውን ቃል በምሳሌ ላብራራ። ከግብር በፊት 40 ሚሊዮን ብር ያተረፈ ድርጅት አለ እንበል። ኦዲተሩ የትርፉን 5 በመቶ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ብርን፣ ወሰን አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ከዚያም ሰነዶችን በሙሉ ሳይሆን በናሙና ይመረምራል። ሳይታረሙ የቀሩት ስህተቶች ድምር 1.2 ሚሊዮን ብር ቢሆን እንኳ አስተያየቱ ነቀፌታ የሌለበት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሆኖም መጠን ብቻውን አይወስንም፤ ያው ገንዘብ ድርጅቱ የብድር ውሉን መጣሱን የሚሸፍን ከሆነ፣ ከወሰኑ ቢያንስም ጉልህ ነው።

በተቀነባበረ ማጭበርበር ላይ ደግሞ ዋስትናው ይበልጥ ይሳሳል። የጀርመኑ ዋየርካርድ ለዓመታት ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሲያገኝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን በመዝገቡ የሰፈረ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ መኖሩን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ገንዘቡ አለባቸው የተባሉት ሁለት የፊሊፒንስ ባንኮችም የቀረቡትን ሰነዶች ሐሰተኛ ናቸው አሉ። ስለዚህ የሂሳብ ቀሪ ማረጋገጫ ከባንኩ በቀጥታ ለኦዲተሩ መድረስ አለበት እላለሁ።

በመጨረሻም፣ አስተያየቱ ድርጅቱ ነገ ዕዳውን እንደሚከፍል ዋስ አይሆንም። ያንን መመዘን የአበዳሪው ሥራ ነው።