ጋባዥና ተጋባዥ፦ ለአዲስ አባል ግብዣ በትንሽ ጂም የሚሰጥ ሽልማት እንዴት ይወሰን?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ይኸውም በደባርቅ ወይም በዳባት ያለ፣ አንድ አሠልጣኝና ስልሳ ያህል አባላት ያሉት ጂም፣ አዲስ አባል ላመጣለት ሰውና ለመጣው ለአዲሱ አባል ምን ያህል ሽልማት ቢሰጥ ተገቢ ይሆናል የሚል ጥያቄ ነው። ብዙ ባለቤቶች ይህን ጥያቄ በአንድ ማስታወቂያ ይገላገሉታል፤ «ሰው ላመጣ የአንድ ወር ክፍያ ይሰጠዋል» ብለው በር ላይ ይለጥፋሉ። ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡ በስም ሞልቶ ካዝናው እንደነበረ ሲገኝ፣ «የዚህ አገር ሰው ስፖርት አይወድም» ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱ የሕዝቡ ሳይሆን የሽልማቱ አደላደል ነው ባይ ነኝ።

ንግግሬ እንዳይወሳሰብ፣ ሰው የሚያመጣውን አባል «ጋባዥ»፣ የሚመጣውን ደግሞ «ተጋባዥ» ብዬ እጠራለሁ። ቃሉን የመረጥሁት ለማሳመር አይደለም። በልማዳችን ጋባዥ ማለት ሒሳብ ከፋይ ማለት ነው። ጓደኛውን ሻይ ቤት ወስዶ፣ ጓደኛው ሳያውቅ ከባለቤቱ እጅ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢኖር ስሙ ጋባዥ ሳይሆን ደላላ ነው። በደላላነት የሚኖር ሰው ነውር አለበት ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ቤት አከራይቶ ኮሚሽን የሚቀበለው ሰው ደላላ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ጓደኛ ግን ደላላ ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ይበላሻል።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደባርቅ የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ እንደመሆንዋ ከእንግዳ ጋር ብዙ ዘመን ኖራለች። እንግዳን ወደ አንድ ቤት መርቶ ወስዶ ከዋጋው ላይ ድርሻ መቀበል ምን እንደሚመስል፣ ያ ድርሻ በመጨረሻ ከማን ኪስ እንደሚወጣም የከተማው ሰው አይስተውም። አስጎብኚው፣ ስካውቱና በቅሎ ጫኙ በተራ የሚመደቡበት አሠራርም በእንግዳ ላይ የሚደረገውን ሽሚያ ያስቀራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ ለጋባዡ ብቻ፣ ያውም በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ጂም፣ አባላቱን ሳያስበው ወደ ኮሚሽን ሥራ ያስገባቸዋል።

ስለሆነም የመጀመሪያው መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ጋባዡ የሚያገኘውን ነገር በተጋባዡ ፊት ሳያፍር ጮክ ብሎ ሊናገር ይችላልን? ከቻለ ሽልማቱ ተገቢ ነው፤ ካልቻለ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ተበላሽቷል።

ይህ የእኛ ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጋንግሶግ ሪዩና ሎውረንስ ፌይክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ያሳተሙትን ጥናት ልጥቀስ። እነርሱ እንዳገኙት፣ ጋባዡና ተጋባዡ እምብዛም የማይቀራረቡ ሲሆኑ ለጋባዡ መክፈል ይጠቅማል፤ የቅርብ ወዳጆች ሲሆኑ ግን ከሽልማቱ ቢያንስ ከፊሉን ለተጋባዡ መስጠት የተሻለ ይሠራል። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከተሞች ጋባዥና ተጋባዥ ባብዛኛው ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የአንድ ዕቁብ ሰዎች ናቸው። ፍርዱ ወደየት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ተጋባዡ እንምጣ። ጓደኛው የለመነው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው በይሉኝታ ነው። ይመዘገባል፣ የአንድ ወር ይከፍላል፣ ሁለት ቀን ይሠራል፣ በሦስተኛው ቀን ጭኑና ትከሻው ታስሮ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ይህ ሕመም ለጀማሪ ሁሉ የሚደርስ ነው፤ ከሥራው በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥም ይለቃል። በደባርቅ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከቆላ ተዛውሮ የመጣ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ ያጥረዋል፤ እርሱም ሰውነቱ የደከመ ይመስለዋል።

እንግዲህ ለተጋባዡ የሚሰጠው ሽልማት ይህን ክፉ ጊዜ የሚያሻግረው መሆን አለበት። የሦስት ቀን ነፃ ሙከራ መስጠት፣ ሕመሙ በሚበረታበት ቀን «አሁን ክፈል» እንደማለት ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ላይ መቀነስም ይሉኝታውን ያረክሰዋል እንጂ ሰውዬውን አያቆየውም። እኔ የምመርጠው የሁለት ሳምንት ነፃ ሙከራ ነው፤ በዚያም ጊዜ አሠልጣኙ በመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ክብደት ብቻ እንዲያሠራው ይታዘዛል። የሙከራውም ካርድ በባለቤቱ ሳይሆን በጋባዡ እጅ ይሰጥ። ያን ጊዜ ጋባዡ በልማዳችን እንደተለመደው ጓደኛውን በእውነት ጋበዘ ማለት ነው።

የጋባዡስ? ለጋባዡ የአሥር ቀን ነፃ አገልግሎት ይበቃዋል፤ ይህም የሚሰጠው ተጋባዡ የሁለተኛውን ወር በከፈለ ዕለት ነው እንጂ በተመዘገበ ዕለት አይደለም። የአሥር ቀኑ መጠን በበሩ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ።

ለምን አሥር ቀን እንዳልሁ በሒሳብ ላሳይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ያስገባ። የወር ክፍያው 600 ብር ነው እንበል። ኪራዩና የአሠልጣኙ ደመወዝ አንድ ሰው ቢጨመርም ባይጨመርም አይለወጡም። በአንድ አባል ምክንያት በውኃ፣ በመብራትና በመሣሪያ እርጅና የሚጨመረው ወጪ በወር 60 ብር ቢሆን፣ ለቤቱ 540 ብር ይተርፋል። ልብ በሉ፤ ለጋባዡ በምዝገባው ዕለት 600 ብር ሰጥተን ተጋባዡ ከአንድ ወር በኋላ ቢቀር፣ ቤቱ 60 ብር ከሰረ።

በበር ማስታወቂያው መንገድ አሥር ሰው ተጋበዘ እንበል። ስድስቱ ከአንድ ወር በኋላ ቢቀሩና አራቱ አምስት አምስት ወር ቢቆዩ፣ የሚተርፈው 14,040 ብር ነው። ነገር ግን ከአምስት ሰው ሁለቱ ማንም ሳይጋብዛቸው ይመጡ የነበሩ ናቸው ብለን ብንገምት፣ ግብዣው በእርግጥ ያስገኘው 8,424 ብር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ለጋባዦች የተከፈለው 6,000 ብር ሲነሳ 2,424 ብር ይቀራል።

በሁለተኛው መንገድ ደግሞ አሥሩም ሁለት ሳምንት በነፃ ሞክረው ስድስቱ ብቻ ቢመዘገቡና በአማካይ አምስት ወር ቢቆዩ፣ የሚተርፈው 16,200 ብር፣ በዚያው ግምት ሲቀነስ 9,720 ብር ነው። ወጪው ሦስት ነው፤ የስድስቱ ሙከራ ለጥንቃቄ በሙሉ ዋጋ ሲታሰብ 1,680፣ ሞክረው የቀሩት አራቱ 112፣ ከስድስቱ አምስቱ ሁለተኛውን ወር ስለከፈሉ ለጋባዦቻቸው የሚሰጠው አሥር አሥር ቀን 1,000 ብር ነው። ድምሩ 2,792 ብር ሲቀነስ 6,928 ብር ይቀራል። የተመዘገበው ሰው ያነሰ ነው፤ የቀረው ገንዘብ ግን የበለጠ ነው።

ከዚህ ላይ ተጋባዡ ከጋባዡ የበለጠ ማግኘቱን፣ ያውም አስቀድሞ ማግኘቱን ታያላችሁ። አድልዎ አይደለም። ቤቱን የማያውቀው፣ ገንዘቡንም ጉልበቱንም ለማያውቀው ነገር የሚያወጣው እርሱ ነው።

በጀርመን አገር በአንድ ባንክ ደንበኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የታተመ የሽሚት፣ የስኪራና የቫን ደን ቡልት ጥናት፣ በሰው ተጋብዘው የመጡ ደንበኞች ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚቆዩ አሳይቷል። ይህን ይዞ «ተጋባዥ ሁሉ ታማኝ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ባንክና ጂም ግን ለየቅል ናቸው። የባንክ ሒሳብ ለመዝጋት መሄድና መፈረም ያስፈልጋል፤ ጂም ለመተው ግን ቤት መቅረት ብቻ ይበቃል።

ሒሳቡ የማይሠራበትም ጊዜ አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቤቱ የሚሞላ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሚጨመር ተጋባዥ ወጪው 60 ብር አይደለም፤ ለአግዳሚ ወንበሩ ተራ ጠብቆ የተሰለቸ አንድ ነባር አባል ሊያስወጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሙከራው ካርድ የጠዋት ብቻ ይሁን፣ ወይም ግብዣው ለጊዜው ይቁም። ለሴቶች በተለየው ሰዓት ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። በትንሽ ከተማ ብቻዋን ወደ ጂም መግባት የሚከብዳት ሴት ከጓደኛዋ ጋር ስትሆን ትደፍራለች፤ ስለዚህ ገና አባል ያልሆኑ ሁለት ሴቶች አብረው ቢመጡ ሁለቱም እንደ ተጋባዥ ሁለት ሳምንቱን ያግኙ።

ጠብ የሚነሣባቸውን ነገሮች ባጭሩ ልጥቀስ። አንዱን ተጋባዥ ሁለት ሰዎች «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ቢሉ፣ ካርዱን የሰጠው ይታመናል፤ ካርድ የሌለው አይከራከር። ሁለት ወር ቀርቶ የተመለሰ አባል አዲስ አይደለም፤ ለዚህ የስድስት ወር ገደብ ይበቃል። አሠልጣኙና ገንዘብ ተቀባዩ ጋባዥ አይሁኑ፤ በራሱ የመጣውን ሰው ሁሉ በስማቸው ሊያስመዘግቡ ይችላሉና። አንድ አባል በዓመት ከአራት ሰው በላይ ቢጋብዝ ምስጋና እንጂ ተጨማሪ ቀን አይሰጠው፤ አለዚያ ሥራው ተመልሶ ድለላ ይሆናል። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚመላለስ አባል ደግሞ አሥር ተከታታይ ቀን በአማካይ ሦስት ጊዜ እንኳ አያስገባውም። ለእርሱ ሽልማቱ በመግቢያ ቁጥር ይታሰብ፤ አዘውትሮ የሚሠራ ሰው በአሥር ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚገባ ከሆነ፣ ለእርሱም ስድስት መግቢያ ይሰጠው።

አሠራሩ መበላሸቱን ባለቤቱ በምን ያውቃል? በመዝገቡ ላይ ከተጋባዡ ስም ጎን ሦስት ነገር ይጻፍ፤ የጋባዡ ስም፣ ሁለተኛው ወር የተከፈለበት ቀን፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ስንት ጊዜ እንደገባ። ሁለተኛውን ወር ከፍሎ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜም ያልታየ ተጋባዥ ካለ፣ ያንን ክፍያ ማን እንደከፈለለት ይጠየቅ። ጋባዡ ከፍሎለት ከሆነ የሽልማቱ መጠን በዝቷል ማለት ነው፤ ከአሥር ቀን ወደ ሰባት ይውረድ። የዐቢይ ጾምና የክረምቱ ዝናብ ያስቀሯቸው ሰዎች ግን ከዚህ ቁጥር ተለይተው ይታዩ፤ በእነዚያ ወራት ነባሮቹም ስለሚቀሩ፣ ተጋባዦቹን ከነባሮቹ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።