ሰላምታችንን ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ



በቆቦ ሜዳ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ አንድ ማኅበር የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ተሰበረበት እንበል። መለዋወጫ እንዲላክለት ለአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ይጽፋል። ደብዳቤው «ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን» ብሎ ይጀምርና «ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን፤ ከማክበር ሰላምታ ጋር» ብሎ ይጨርሳል።

ይህን ቃል በቃል ብንመልሰው አንባቢው የተጠየቀውን ነገር ፍለጋ ይደክማል። ለእርሱ ሰላምታው «ዲር» በሚለው ቃል ተፈጽሟል። ስለዚህ «ዲር ሚስተር» ብለን የቤተ ሰቡን ስም ጽፈን፥ ወዲያው የሞተሩን ዓይነትና የተሰበረውን ዕቃ እንናገራለን።

የቅድሚያው ምስጋናም በእንግሊዝኛ «እንቢ እንደማትሉን እናውቃለን» የሚል ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ዋጋውንና የምትልኩበትን ቀን ብታስታውቁን እናመሰግናለን» ወደሚል ትሑት ጥያቄ እንለውጠዋለን።

በእንግሊዞች ልማድ፥ ተቀባዩን በስሙ ከጠራነው መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው። ስሙን ሳናውቅ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብለን ከጀመርን ግን «ዩርስ ፌይዝፉሊ» እንላለን። አሜሪካኖች በሁለቱም ጊዜ «ሲንሲርሊ» ቢሉ አይነቀፍም።

እንግዲህ አክብሮታችንን አልጣልነውም፤ ቦታውን ብቻ ለወጥነው። ሽንኩርቱ በበጋ ፀሐይ ውሃ ሲጠብቅ፥ ጥያቄያችን በሰላምታ ብዛት ተሸፍኖ መዘግየት የለበትም።