ሙሉ ዘይት፣ ቀይ መብራት፦ የሞተር ዘይት ግፊትና መጠን ልዩነት



የዛሬውን ገለጻዬን በአንድ ገጠመኝ እጀምራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ ጎሃ ጽዮን ላይ ቀዩ የዘይት መብራት በራባቸው። ሞተሩን አጥፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ተመለከቱ፤ ዘይቱ ሙሉ ነበር። «እንግዲያው የተበላሸው መብራቱ ነው» ብለው ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረዱ። ድልድዩን ተሻግረው የደጀንን ዳገት ሲያያዙት ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዳግመኛም አልዞር አለ።

ባልደረባዬ ቀዩ መብራት ላልጠየቀው ጥያቄ ነበር መልስ የፈለጉት። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ያለው ቢጫ መብራት የሚነግረን በቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት መጉደሉን ነው። ቀዩ ግን ስለ ግፊት ይናገራል፦ ፓምፑ ዘይቱን ከቋቱ ስቦ ወደ ሞተሩ ክፍሎች እየገፋው ነው ወይስ አይደለም? ማሰሮው ሙሉ ሆኖ ጉሮሮው ሊደፈን እንደሚችል ሁሉ፣ ዘይቱ ሳይጎድል ግፊቱ ሊጠፋ ይችላል።

ግፊቱ ለምን ያስፈልጋል? ክራንክሻፍቱ በደህና ሞተር ውስጥ ሲዞር የተሸከሙትን ብረቶች አይነካም ማለት ይቻላል፤ በመካከላቸው ከፀጉር የሳሳ የዘይት ንጣፍ አለ፤ ዘንጉ በእርሱ ላይ ይንሳፈፋል። ፓምፑ ዘይት ማቅረቡን ሲያቆም ንጣፉ ይበጠሳል፤ ሙቀቱንም የሚወስድለት ያጣል። ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ለስላሳው የተሸካሚ ሽፋን ይቀልጣል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የሰማነው ኳኳታም ይኸው ነው። ዳገት ደግሞ ጫናውን ያበረታዋል።

መብራቱ ቀድሞ አያስጠነቅቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር ገደማ በታች ሲወርድ ነው፤ ደህና ሞተር ግን በጉዞ ላይ የዚህን ብዙ እጥፍ ይይዛል። ስለዚህ ቀዩ ሲበራ የቀረ ጊዜ የለም።

የባልደረባዬ ሞተር ሲፈታ የፓምፑ መሳቢያ ወንፊት በአሮጌ ዘይት ዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቢቆሙ ኖሮ ሥራው ቋቱን አውርዶ ወንፊቱን ማጽዳት፣ ዘይቱንም መለወጥ ሊሆን ይችል ነበር። ደጀን ዳገት ላይ ግን ክራንክሻፍቱ ተፍቆ፣ ተሸካሚዎቹ ተበልተው ነበር።

ቀዩ ሲበራ እንግዲህ ጥግ ይዞ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ነው። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ሞልቶ ማስነሳት ይቻላል፤ መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ግን ሞተሩን መልሶ ማጥፋት ይገባል። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። ባልደረባዬ የጠረጠሩት የመብራቱ ብልሽትም በእርግጥ ያጋጥማል፤ የሚረጋገጠው ግን መካኒኩ የግፊት ጠቋሚውን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ሲያስርና ንባቡን ሲያይ እንጂ በዘይት መለኪያው ዘንግ አይደለም።