ከፋዩ ሌላ፣ ታካሚዋ ሌላ

(በተመረቅንበት 20ኛ ዓመት መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ክሊኒክሽ ትንሽ ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ ስለ ስኳር በሽታ ላወራ ነበር። በኋላ ግን አዳራሹን ሳስበው ሐሳቤን ቀየርኩ። ከመካከላችን ብዙው ውጭ ነው የሚኖረው። እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በከፈትናት ትንሽ ክሊኒክ በፌስቡክና በቲክቶክ ለማን ነው የምናስተዋውቀው? ለእናንተ እኮ ነው! «ለወላጆችዎ የጤና ምርመራ በስጦታ ይላኩ» የሚለውን ሳታዩ አትቀሩም። ስለዚህ ዛሬ ሻጯ ለገዢዎቿ የምትናዘዝበት ቀን ይሁን ብዬ ነው የመጣሁት።

ስንጀምር አንድ ነገር አልገባንም ነበር። በግ፣ ኬክ ወይም አበባ ከውጭ ገዝቶ ለቤተሰብ ማድረስ ቀላል ሥራ ነው፤ ልጅ ይከፍላል፣ እናት ትቀበላለች፣ ፎቶ ይላካል፣ በቃ። እኛም ምርመራን እንደ በግ ልንሸጠው ሞከርን። ለእንቁጣጣሽ አንድ ጥቅል አዘጋጀን፤ «ሙሉ ምርመራ» አልነው። የሚያብረቀርቅ ማሽን ፎቶ፣ ከሥሩም ሃያ የሚሆኑ የደም ምርመራዎች ዝርዝር፣ ከዚያ የካንሰር ጠቋሚ የሚባሉት። ከላይ ደግሞ «እናትዎን መቼ ነው ያስመረመሩት?» የሚል ጽሑፍ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህ ጥያቄ ሰውን በጥፋተኝነት ይወጋል፤ ስለዚህም ይሸጣል።

አንድ ሜሪላንድ የሚኖር ልጅ ለእናቱ ገዛ። ስማቸውን ልተወውና እማማ እንበላቸው፤ ዕድሜያቸው 66 ነው። መጡ፣ ደም ሰጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ መርቀውን ሄዱ። ውጤቱ ሲመጣ ሲኤ-125 የሚባለው ጠቋሚ 48 ሆነ። መደበኛ የሚባለው እስከ 35 ነው። ልጁ ውጤቱን በዋትስአፕ አይቶ፣ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ ሌሊት ደወለ። «ዶክተር፣ እናቴ የማህፀን እጢ ካንሰር አለባት ማለት ነው?»

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ታውቁታላችሁ። አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ የማህፀን ስፔሻሊስት። ሁለት ወር ሙሉ ምርመራ። መጨረሻ ላይ ምንም አልተገኘም። ሲኤ-125 ምልክት የሌላት ሴት ላይ ካንሰር መፈለጊያ እንዳይደለ፣ ከካንሰር ሌላ በብዙ ነገር ከፍ እንደሚል እዚህ ያለነው ሁሉ ተምረናል። እኔም ተምሬያለሁ። ግን ዝርዝሩ ረጅም ሲሆን ጥቅሉ ውድና የተሟላ ይመስላል፤ ለዚያ ነው ያስገባነው።

ሐኪም ላልሆናችሁ የትዳር ጓደኞቻችን አንድ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። አብዛኛው የላቦራቶሪ «መደበኛ» ልክ የሚሠራው ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶው እንዲገባበት ተደርጎ ነው። ይህም ማለት አንድ ጤነኛ ሰው በአንዱ ምርመራ ከልኩ የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። ሃያ እርስ በርስ የማይገናኙ ምርመራዎች ብናደርግለት ሁሉም መደበኛ የመሆናቸው ዕድል 0.95 ሃያ ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ 0.36 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ሰው እንኳ ቢያንስ አንድ «ችግር» ይዞ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ይደርሳል። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የምትገዙት ጭንቀት ይበዛል ማለት ነው።

ወደ እማማ ልመለስ። ሁላችንም ሲኤ-125ን ስናሳድድ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ የደም ግፊት 170 በ100። መድኃኒት ታዘዘላቸው። የአንድ ወሩን ወሰዱ፣ አለቀ፣ አልተመለሱም። ጥቅሉ የአንድ ቀን ነበራ! ልጁም የጠየቀው ስለ ካንሰር ብቻ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ መጡ። ስትሮክ። ዛሬ ይራመዳሉ፣ ተመስገን፤ ግን ቡና ራሳቸው አፍልተው አይቀዱም። ያንን ቀን አልረሳውም። ማስታወቂያችን የሸጠው ነገርና እማማ የሚያስፈልጋቸው ነገር ፈጽሞ አልተገናኙም ነበር።

ከዚያ ተቀምጠን ሁሉንም አፈረስነው። አሁን የምንሸጠው የአንድ ቀን ምርመራ አይደለም፤ ክትትል ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ዓይን፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ተይዞ መጥቶ አንድ በአንድ ማየት። ስኳር ላለበት ደግሞ የሦስት ወር ገደማ አማካይ የሚያሳየው ምርመራ በየጊዜው ይደገማል። ከምንም በላይ ግን መድኃኒት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነርሷ ትደውላለች። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ፎቶ ላይ አያምርም። ታዲያ ይህን እንዴት ነው የምናስተዋውቀው?

መጀመሪያ ማሽኑን ከፎቶው አወጣነው። በምትኩ ነርሳችን ስልኳን ይዛ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ዛሬ እናትዎ ጋ ሲደውሉ ‹ደህና ነሽ ወይ?› አይበሉ፤ ‹የግፊትሽ ኪኒን ስንት ፍሬ ቀረው?› ይበሉ።» በቃ። ይህ ሰውን አይወጋም፤ የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል። እናቶቻችን «ደህና ነሽ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን።» የኪኒን ቁጥር ግን መሸፈኛ የለውም። ደውሎ «አልቋል» የተባለ ሰው ያን ቀን ማታ ይጽፍልናል፤ ምን እንደሚፈልግም ያውቃል።

ሁለተኛው ለማን እንደሚታይ ነው። ስንከፍል ቦታ እንመርጣለን፤ ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ዙሪያ። ቋንቋን «አማርኛ» ብለን ስንገድብ ግን ብዙ ሰው አመለጠን፤ ውጭ ያለው ወገን ስልኩ በእንግሊዝኛ ነውና። ስለዚህ ገደቡን አነሳነው፤ መራጩ ቪዲዮው ራሱ ሆነ። አማርኛ የማይሰማው ያልፈዋል፣ የሚሰማው ይቆማል። በኦሮምኛና በትግርኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ሰዓቱንም አስተካከልን። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ጠዋት ስንለጥፍ እነሱ ተኝተዋል። እሑድ ማታ በእኛ 2 ሰዓት ላይ ግን እነሱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ቤተሰብ ጋ ለመደወል የሚያስቡበት ሰዓት ነው። ለሪያድና ለዱባይ ይህ አይሠራም፤ እነሱ ከእኛ ጋር ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ወይም አንድ ሰዓት ብቻ ቀድመው ነው ያሉት፤ በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ደግሞ ስልክ የሚያዩት ሥራ ካለቀ በኋላ ሌሊት ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ፈቃድ ነው። ከፋዩ ሌላ፣ ታካሚዋ ሌላ ናት። በግ ሲላክ ይህ ችግር የለም። ምርመራ ሲላክ ግን ልጅ «ከፍያለሁና ውጤቱን ላኩልኝ» ይላል። አሁን ገንዘብ ከመቀበላችን በፊት ለወላጅ እንደውላለን። ይፈልጋሉ ወይ? ውጤቱ ለማን ይነገር? ለየትኛው ልጅ? መልሱ ይጻፋል፣ ይፈረማል፤ ከፋዩም ይህንን አስቀድሞ ያውቃል። አንድ አባት «ግፊቴን ንገሩት፤ የፕሮስቴቴን ነገር ግን ለእሱ አልፈልግም» አሉ። ልጁ ተቆጣ። ደረሰኝ ላክንለት፤ «አባትዎ መጥተዋል፣ ታይተዋል፣ ቀጠሮ አላቸው» አልነው፤ ሌላውን አባቱን ይጠይቅ። ገንዘቡን የመመለስ ምርጫም ሰጠነው፤ አልወሰደም። ከአንድ ወር በኋላ ለአማቱም ከፈለ።

በአስተያየት መስጫው ላይም ስለ ሰው ሕመም አንመልስም። «እናቴ እናንተ ጋ ነው የምትታከመው፣ ስኳሯ ስንት ደረሰ?» ብሎ በአደባባይ የሚጠይቅ አለ። «አዎ ትታከማለች» ማለት እንኳ ምስጢር ማውጣት ነው። መልሳችን ሁልጊዜ «በክሊኒኩ ስልክ ይደውሉልን» ነው።

አስተያየት ሲሰጡ ደግሞ አጭበርባሪው እዚያው ይጠብቃል። ዓርማችንን ገልብጦ፣ ስማችን ላይ አንዲት ነጥብ ጨምሮ ገጽ ከፍቶ ነበር። ዋጋ ለጠየቀ ሁሉ በውስጥ መስመር ይጽፋል፤ «ዛሬ ከከፈሉ ቅናሽ አለ» ይላል፤ የሚሰጠው ሒሳብ ቁጥር የግለሰብ ነው። ሁለት ሰዎች ከፍለዋል። ስለዚህ እናንተ ገዢዎቹ ልብ በሉ፦ የሒሳቡ ባለቤት ስም የድርጅቱ ስም መሆኑን እዩ፤ ፌስቡክ ላይ ገጹ መቼ እንደተከፈተ የሚያሳየውን ክፍል ተመልከቱ፤ ከሁሉም በላይ ግን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወደ ክሊኒኩ ደውሎ ያረጋግጥ። እኛም ቀድመን ለማንም ዋጋ በውስጥ መስመር እንደማንጽፍ ገጻችን አናት ላይ አስቀመጥን።

በመጨረሻ ስለ ክፍያው። በመጀመሪያ የዓመቱን በአንዴ እንቀበል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲተው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለላኪው በብር የተተመነው ጥቅል በአንድ ጊዜ ረከሰ፤ እኛ ግን የላቦራቶሪ ኬሚካል ከውጭ ነው የምናስመጣው። በተቀበልነው ብር የገባነውን ቃል ለመፈጸም ከኪሳችን ጨመርን። አሁን የሦስት ወር ብቻ ነው የምንቀበለው። ይህ ለከፋዩም ይሻላል፤ እናት ወደ ገጠር ከሄደች ወይም ክፉ ነገር ከመጣ የሚመለሰው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ገቢያችን ካለፈው «ሙሉ ምርመራ» ጊዜ ያነሰ ነው፤ አልደብቅም። የሚጽፍልን ሰው ቁጥርም ቀንሷል። ግን ማስታወቂያችንን የምንለካው በመልእክት ብዛት መሆኑ ቀርቶ በሦስተኛው ወር ስንት ወላጅ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው በሚለው ሆኗል። እማማም አሁን በየወሩ ይመጣሉ። ባለፈው ግፊታቸው 130 በ80 ነበር። ልጃቸው ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው የኪኒኑን ቁጥር ነው፤ እሳቸውም ቆጥረው ይጠብቁታል።

እናንተም ዛሬ ማታ ሆቴላችሁ ስትገቡ ደውሉና ቁጥሩን ጠይቁ።