«እንዲታይ ተወስኗል» ከተባለ በኋላ ማን ያየዋል?



እኛ የሂሳብ ሠራተኞች ቃለ ጉባኤ የምንገልጠው ብዙውን ጊዜ ክፍያ ሲጠየቅ ነው። «በስብሰባ ተወስኗል» ይባላል፤ መዝገቡን ስናይ ግን ማን እንደሚገዛ፣ እስከ ስንት ብርና እስከ መቼ እንደሆነ አናገኝም። ገንዘብ ያዥዋ በዚህ ላይ ብትከፍል ኦዲተሩ ይጠይቃታል፤ ባትከፍል ደግሞ ሥራው ይቆማል።

አንዱ ምክንያት የቃለ ጉባኤ አማርኛችን ነው። «እንዲጠና»፣ «እንዲገዛ»፣ «እንዲታደስ» እያልን እንጽፋለን። አባባሉ ለጆሮ ጥሩ ነው፤ ሠሪውን ግን ይደብቃል። ለምሳሌ ያህል ሚያዝያ 12 የተደረገ ስብሰባ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦

«የበርበሬ መፍጫው ጉዳይ ተነስቶ ሰፊ ውይይት ተደርጓል። አንዳንዶች ሞተሩ ይጠገን ሲሉ ሌሎች አዲስ ይገዛ ብለዋል። የመጋዘኑ ጣሪያ ስለሚያፈስ በአስቸኳይ እንዲታደስ፣ የማሽኑም ዋጋ ተጠንቶ እንዲቀርብ በአንድ ድምፅ ተወስኗል። የቁጠባ ደብተራቸውን ያላመሳከሩ አባላት እንዲያመሳክሩ ተሳስበናል።»

እርሳስ ይዘን «እንዲ» የሚሉትን ግሦች ብቻ እናሰምርባቸዋለን፤ «እንዲታደስ»፣ «እንዲቀርብ»፣ «እንዲያመሳክሩ»። ውይይቱ በመዝገቡ ይቆያል እንጂ ወደ ዝርዝሩ አይገባም። «ይጠገን» እና «ይገዛ» የሰዎች ሐሳብ ናቸው፤ ውሳኔ አይደሉም። እነሱን ሥራ አድርጎ መጻፍ ያልተወሰነ ግዢ እንዲጀመር ያደርጋል። የተወሰነው ዋጋው እንዲጠና ብቻ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ግሥ ሠሪ እንሰጠዋለን። «ኮሚቴው» ሠሪ አይሆንም፤ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ውስጥ እያንዳንዷ ሌላዋ የያዘችው ይመስላታል። ብዙ ሰው ቢያግዝም የምትጠየቀው አንዲት ትሁን። በዝርዝሩ ላይ ስም ይጻፋል፤ ዛሬ ግን በሥራ ድርሻ እንናገር። የማሽኑ ዋጋ ለግዢ ኃላፊዋ ተሰጠ፤ «ይጠና» የሚለውም «የጥገናውን ዋጋ ይዞ፣ ለአዲሱም ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ማቅረብ» ሆነ። ቀጣዩ ስብሰባ ግንቦት 10 ስለሆነ የጊዜ ገደቡ ግንቦት 5 ነው፤ ኮሚቴው ቀድሞ አይቶት እንዲገባ።

ጣሪያው ላይ ትንሽ እንቆይ። «በአስቸኳይ» ቀን አይደለም። ክረምቱ በሰኔ ይገባል፤ በርበሬው ከረጠበ ይሻግታል፤ ስለዚህ እድሳቱ ከግንቦት ማለቅ አለበት። ነገር ግን ይህ ሥራ ሁለት ነው። መጀመሪያ የንብረት ኃላፊዋ ጣሪያውን አስለክታ የቆርቆሮውን፣ የሚስማሩንና የእጅ ዋጋውን ግምት እስከ ሚያዝያ 20 ታቀርባለች። ሥራ አመራሩ የብር መጠኑን ሲያጸድቅ ነው ሁለተኛው፣ ማለትም ማደሱ፣ የሚጀምረው፤ ገደቡም ግንቦት 25 ይሆናል። ግምቱን ዘልለን «ማደስ» ብቻ ብንጽፍ ሥራው የሚቆመው ገንዘብ ያዥዋ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ተሳስበናል» ደግሞ ሁሉንም ስለሚነካ ማንንም አይይዝም። ያላመሳከሩትን አባላት ስም አውጥቶ እስከ ሚያዝያ 30 መደወል የእኛ የሂሳብ ክፍሉ ሥራ ተብሎ ቢጻፍ ግን አንዷ ባለሙያ ትጠየቅበታለች።

ጸሐፊዋ ሠሪና ቀን ከቤቷ ፈጥራ አትጻፍ፤ «እኔ መቼ ተስማማሁ?» የሚል ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስብሰባው ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዝርዝሩን ጮክ ብላ ታንብብ፤ ባዶ የሆነው ቦታ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ይሞላል። የተፈረመበት ቃለ ጉባኤ አይነካም። ዝርዝሩ ሌላ ወረቀት ሆኖ በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የቃለ ጉባኤው ቁጥር ይጻፍበታል፤ ድጋፍ ሰጪም ሆነ ኦዲተር ወደ ውሳኔው መመለስ ይችላል።

የመጨረሻው ዓምድ ሥራው ያለበት ደረጃ ነው። «በሂደት ላይ» የሚለውን ቃል አንወደውም፤ ያልተጀመረም ሊያልቅ የተቃረበም እኩል ይደበቁበታል። «አልተጀመረም»፣ «ተጀምሯል»፣ «ቆሟል»፣ «አልቋል» ይበቃሉ። «ቆሟል» ካልን ምን እየጠበቀ እንደሆነ እንጨምራለን፣ ለምሳሌ «የግምቱን መጽደቅ»። «አልቋል» ካልን ደግሞ የደረሰኙ ወይም የደብዳቤው ቁጥር ይከተላል።

ገደቡ ካለፈ የድሮውን ቀን አንሰርዝም፤ አዲሱን ከጎኑ እንጽፋለን። ሁለት ጊዜ የተራዘመ ሥራ ሦስተኛ ቀን አይሰጠውም። ወደ አጀንዳ ተመልሶ ሠሪዋ ትቀየር፣ ገንዘብ ይጨመር ወይስ ጭራሽ ይሰረዝ ተብሎ ይወሰንበታል።